«ወተት አልባ» የተባለው ዱቄት

ባለፈው የሑዳዴ ጾም በቤቴል የሚኖሩ አንዲት እናት ለቡና የሚጨመር ነጭ ዱቄት ከሱቅ ገዙ። በቆርቆሮው ፊት ላይ በእንግሊዝኛ «ወተት አልባ» ተብሎ ተጽፎበታል። ትንሹ ልጃቸው ወተት ሲቀምስ ከንፈሩ ያብጣል፤ ሰውነቱም ሽፍታ ያወጣል። ስለዚህ ዱቄቱን በሻይ ሊሰጡት ቢያስቡም አስቀድመው ጀርባው ላይ ያለውን ዝርዝር በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተው፥ «እስቲ ልጆቼ፥ አንብቡልኝ» ሲሉ ላኩልን። ያነበብንበትም መንገድ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ የፎቶግራፉን ሙሉነት መረመርን። ቆርቆሮው ክብ በመሆኑ የመስመሮቹ ጫፍ ወደ ኋላ ዞሮ ተሰውሯል። ከርእሱ እስከ መጨረሻው ነጥብ ያልታየ ዝርዝር እንዳልተነበበ ይቆጠራል። ስለዚህ ቆርቆሮውን ጥቂት በጥቂት እያዞሩ ሦስት ፎቶግራፍ እንዲያነሡ ለመንናቸው። የደበዘዘ ቁጥርም በግምት አይነበብም። E322 ሌሲቲን ሲሆን ከአኩሪ አተር ወይም ከእንቁላል ሊወጣ ይችላል፤ E332 ግን የፖታሲየም ጨው ነው። እንቁላል ለማይስማማው ሰው የአንዲት አኃዝ ስሕተት ቀላል አይደለችም።

ዝርዝሩ ሲሟላ የግሉኮስ ሽሮፕ፥ የአትክልት ዘይት፥ ሶዲየም ካዜይኔት፥ E340፥ E471 እና E551 ይላል። እናቲቱን ያስፈሯቸው ቁጥሮቹ ነበሩ። ነገር ግን E340 ዱቄቱ በትኩስ ቡና ውስጥ እንዳይቋጠር የሚከላከል የፖታሲየም ፎስፌት ጨው ነው። E471 ዘይትን ከውሃ ጋር የሚያዋሕድ፥ ከቅባት የሚሠራ ነገር ነው። E551 ደግሞ ዱቄቱ እንዳይጓጉል የሚጨመር ሲሊካ ነው። ከሦስቱ አንዱም የወተት ፕሮቲን አይደለም።

አደጋው ያለው ቁጥር በሌለው ስም ላይ ነው። ካዜይን ማለት ወተት ሲረጋ የሚጠጥረው፥ አይባችን በብዛት የሚሠራበት ፕሮቲን ነው። ሶዲየም ካዜይኔትም ይኸው ካዜይን በፋብሪካ ተለይቶ ዱቄት የሆነው ነው። በአሜሪካ ሕግ «ወተት አልባ» በተባለ ምግብ ውስጥ ይህ ሲገባ ከወተት መገኘቱ ከስሙ አጠገብ መጻፍ አለበት፤ በዚህ ቆርቆሮ ላይ ግን አልተጻፈም። «ዌይ» የሚለውም ስም እንዲሁ ነው፤ ትርጓሜው አጓት ሲሆን እርሱም የወተት ፕሮቲን አለበት። በአንጻሩ ላክቲክ አሲድ፥ ማለት E270፥ ስሙ ወተትን ቢያስታውስም አብዛኛውን ጊዜ ከስኳር እየተብላላ የሚሠራ ነው።

ዝርዝር የማይናገረውም አለ። በአንድ ማሽን ወተት ያለበትና የሌለበት ምግብ ሲታሸግ ብናኝ ሊደባለቅ ይችላል፤ ይህን የሚያስጠነቅቅ መስመር ከዝርዝሩ በታች ቢገኝ መልካም ነው፤ መታጣቱ ግን ንጹሕነቱን አያረጋግጥም።

ለልጁ እንዳይሰጡት ነገርናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ለካስ ለእኔም የጾም አልነበረም!» አሉ።