የበረሃ አበል ጡረታ አይሆንም

ባለፈው ወር አንድ የትራክተር ኦፕሬተር ከገለጉ መጥተው ቢሮዬ ተቀመጡ። 20 ዓመት የሰሊጥ እርሻ አርሰው በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጥተዋል። በወር 16,000 ብር ያገኙ ነበር፤ የተወሰነላቸው አበል ግን 3,400 ብር ነው። «ጠበቃዬ፣ ሒሳቡ ተሳስቷል» አሉኝ። ሒሳቡ አልተሳሳተም።

የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ደመወዝ የሚለው በመደበኛ የሥራ ሰዓት ለሚሰጥ አገልግሎት የሚከፈለውን ሙሉ የወር ደመወዝ ነው፣ ግብርና ሌላ ተቀናሽ ሳይነሳለት። ስለዚህ ትርፍ ሰዓት፣ ቦነስ፣ ውሎ አበልና የበረሃ አበል አይቆጠሩም።

የእኚህ ሰው 16,000 ብር ግማሹ ደመወዝ፣ ግማሹ የበረሃ አበልና ትርፍ ሰዓት ነበር። የጡረታ አበሉ የሚሰላው ከመሰናበቻው ወር በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። በ20 ዓመት 42.5 በመቶ ይሆናል። የ8,000 ብር 42.5 በመቶ 3,400 ነው። ሙሉው 16,000 ደመወዝ ተብሎ ቢሆን ኖሮ 6,800 ብር ይሆን ነበር።

ወጥመዱ የተጠመደው ሲቀጠሩ ነው። «ደመወዙን ዝቅ እናድርገው፣ ቀሪውን በአበል እንሰጥሃለን፣ ተቀናሹም ይቀንስልሃል» ተባሉ፤ እሳቸውም እጅ መትተው ተስማሙ። ከ16,000 ላይ 7 በመቶው 1,120 ብር ይቆረጥባቸው ነበር፣ ከ8,000 ላይ ግን 560 ብቻ። አሠሪውም ከሚያዋጣው 11 በመቶ ግማሹ ቀረለት። ወገኖቼ፣ ይህን ዓይነት የቃል ስምምነት ስንት ጊዜ ልለምናችሁ እንድትተዉት?

አበል የተባለው ገንዘብ ለሁሉም ሠራተኛ በየወሩ ሳይቋረጥ የሚከፈል ከሆነ በእርግጥ ደመወዝ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ውጤቱ ግን እንደ ችሎቱና እንደ ማስረጃው ይለያያል። ደንበኛዬ ያመጡት የባንክ ደብተር ነው። ደብተሩ 16,000 መግባቱን እንጂ ምን ተብሎ እንደገባ አይናገርም። አሠሪው ያቀረበው ፔሮል ግን «ደመወዝ 8,000» ይላል፣ በየወሩም የራሳቸው ፊርማ አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ለመጠየቅ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚሰጠው ስድስት ወር ብቻ ነው።

እናንተ ዛሬውኑ የደመወዝ ወረቀታችሁን አውጡ። ለጡረታ የተቆረጠባችሁን ብር በ7 አካፍላችሁ በ100 አባዙ፤ የሚመጣው ቁጥር ጡረታችሁ የሚሰላበት ደመወዝ ነው። ከተስማማችሁበት ካነሰ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፣ ግልባጩ ላይ የተቀበለው ሰው ፊርማና ቀን ይኑርበት። የቅጥር ውላችሁንና እያንዳንዱን የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ ቤታችሁ አስቀምጡ።