ዋጋ ሲወደድ የትኛው መስመር ተንቀሳቀሰ?

ከይፋግ ገበያ የተመለሰ ሰው «ጤፍ ተወደደ!» ሲለን ብዙዎቻችን ወዲያው ነጋዴውን እንወቅሳለን። የኢኮኖሚ ትምህርት ግን አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም ዋጋ በናረበት ዓመት የአገሪቱ ምርት ጨመረ ወይስ ቀነሰ? የሚለው ነው።

እስቲ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንሳለው። ሽቅብ የቆመው መስመር የዋጋ ደረጃን፣ የተጋደመው ጠቅላላ ምርትን ያሳያል። ጠቅላላ ፍላጎት ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዋጋ ሲንር በኪሳችን ያለው ብር የሚገዛው ያንሳልና። ጠቅላላ አቅርቦት ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዋጋ ሲጨምር ደመወዝ ወዲያው ስለማይከተል አምራቹ ጨምሮ ቢያመርት ያተርፋል። የዓመቱ ምርትና ዋጋ ሁለቱ መስመሮች በሚቋረጡበት ነጥብ ላይ ይገኛሉ።

አሁን ሁለት ዓመታትን እናነጻጽር። በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ከዳ። በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ የአገሪቱ ምርት 2 በመቶ ያህል ሲቀንስ ዋጋ ወደ 18 በመቶ ገደማ ጨመረ። ዋጋ ወጣ፣ ምርት ወረደ፤ ስለዚህ ወደ ግራ የሄደው የአቅርቦት መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ዋጋ ከ44 በመቶ በላይ ሲጨምር፣ በመንግሥት አሃዝ መሠረት ምርትም 10 በመቶ ያህል አደገ። ሁለቱም አብረው ከወጡ ወደ ቀኝ የሄደው ፍላጎት ነው ማለት ነው፤ በገበያው የሚዘዋወረው ብርና ብድር በዝቶ ነበርና።

ታዲያ ልዩነቱ ምን ይጠቅማል? መድኃኒቱ ይለያያላ! ፍላጎት ከልክ ሲያልፍ ብድርንና የመንግሥትን ወጪ መቀነስ ዋጋን ያረግባል። በድርቅ ዓመት ይህንኑ ብናደርግ ግን የወረደው ምርት ይብሱን ይወርዳል። ብር ብናበዛም ዝናብ አይመጣም፤ ዋጋው ብቻ ይንራል። ያን ጊዜ የሚሻለው እህል ማስገባት ነው። በ2003 ወደ 13 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ሲያስፈልገው የተደረገውም ይኸው ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ዓመት ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። በ2008 የነዳጅና የእህል ዋጋ በዓለም ገበያ ንሮ ስለነበር አቅርቦትም ወደ ግራ ተገፍቷል። አሃዙ የሚነግረን የትኛው ግፊት እንደበረታ እንጂ ሌላው እንዳልነበረ አይደለም።

የመልመጃ ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2001 መኸሩ ሰምሮ ምርት 8 በመቶ ያህል ሲያድግ ዋጋ ደግሞ 8 በመቶ ያህል ወረደ። የተንቀሳቀሰው የትኛው መስመር ነው? ወዴትስ? በቆሎውን ሸጦ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ገበሬ በማግስቱ ዓመት ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ሥላችሁ ተወያዩበት።