ቀዩን ቁልፍ መጀመሪያ ፈልጊ

ነይ ወዲህ፣ እጅሽን ከአዲሱ የወርቅ ማቅለጫ ማሽን ላይ አንሺና አጠገቤ ቁሚ። ሣጥኑ ገና ዛሬ መከፈቱንም፣ ባለቤቱ ወርቁን አቅልጦ ለማየት መቸኮሉንም አውቃለሁ። ፒያሳ ወርቅ ቤት ጓዳ ገብቶ የማይቸኩል ሰው የለም። በጋዝ እሳት ማቅለጥ ለምደሻል፤ እሳቱ ሲበዛ በዓይንሽ ታይዋለሽ፣ ትቀንሺዋለሽ። ይሄኛው ግን ነበልባል የለው፣ ጭስ የለው። በመዳቡ ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ማቅለጫውንና ወርቁን በቀጥታ ያግላቸዋል። ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግርሽ ሰሌዳው ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቻይንኛ ነው። አይክፋሽ የኔ ቆንጆ፣ ቋንቋውን መማር አይጠበቅብሽም። ጥቂት ቃላት በቅርጻቸው ከለየሽ ይበቃሻል።

መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀይ፣ ብሬከሩንም አውርጂ። ከዚያ ትልቁን ቀይ ቁልፍ ፈልጊ፤ አጠገቡ ወይም ዙሪያው ባለው ቢጫ ክብ ላይ 急停 የሚል ይኖራል፣ አስቸኳይ ማቆሚያ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ እያለ ሳትሰጊ መጫን የምትችዪው እሱን ብቻ ነው። ጫኚው፤ ወርዶ ይቆለፋል። ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደሚያሳይበት ስታዞሪው ይነሳል። ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክታገኚው ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሪው። ትንንሾቹ ማሽኖች ይህ ቁልፍ ላይኖራቸው ይችላል፤ ያኔ ማቆሚያሽ 停止 የሚለው ወይም ግድግዳው ላይ ያለው ብሬከር ነው። ብሬከሩ ፊት ዕቃ አትደርድሪ፣ እባክሽ።

ቀጥለሽ ፎቶ አንሺ። ሰሌዳውን ከፊት ለፊት፣ ያለ ፍላሽ፤ ብልጭታው ከወደቀበት ፊደሉ ይጠፋል። ከኋላ የተለጠፈውን የብረት ጽሑፍም እንዳትረሺ፤ እዚያ ላይ ያለ ማንም እርዳታ የምታነቢው አለ፦ 220V ወይም 380V፣ 50Hz፣ ስንት kW። የቻይና የቤት መብራት እንደኛው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚያ በኩል ሰላም ነው። 380V ካየሽ ግን፣ አጠገቡም 三相 የሚል ካለ፣ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋል። ፒያሳ ሲፈርስ ሱቅ ከቀየሩት መካከል ከሆናችሁ፣ አዲሱ ቤት ሦስት ፌዝ እንዳለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያይላችሁ አትሰኩት። 接地 የሚል ምልክት ያለበት ብሎን ደግሞ የመሬት ሽቦ መግቢያ ነው፤ ባዶውን እንዳይቀር።

አሁን ስልክሽን አውጪ፤ ግን እንዳያታልልሽ። የካሜራው ትርጉም ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ደህና ነው፤ ሁለት ፊደል ብቻ ሲያገኝ ይገምታል። ሰሌዳ ላይ ያለው አብዛኛው ደግሞ ሁለት ወይም አራት ፊደል ነው። ለምሳሌ 保温 የሚለውን ብዙ ጊዜ «ኢንሱሌሽን» ብሎ ይሰጥሻል። ያንን አምነሽ የሽቦ መሸፈኛ ጉዳይ ነው ብለሽ ብትተዪው ተሳሳትሽ፤ እዚህ ማሽን ላይ «የቀለጠው እንዳይረጋ ሙቀቱን ይዘሽ ቆዪ» ማለት ነው። 开 እና 关ን ደግሞ «ክፈት»ና «ዝጋ» ይልልሻል፤ ማብሪያና ማጥፊያ ናቸው። ለዚህ Pleco የሚባለውን የቻይንኛ መዝገበ ቃላት ጫኚ፤ ነፃ ነው፣ ፊደሉንም በጣትሽ ስለሽ ትፈልጊያለሽ። ቀለሙ የተፋቀ ወይም ካሜራው ያላነበበልሽ ፊደል ካለ መላው ይሄ ነው። ትርጉሞቹን ሁሉ አንብቢና ከማሽኑ ሥራ ጋር የሚሄደውን ምረጪ፤ ይህን ማድረግ እንደማያቅትሽ አውቃለሁ።

开 እና 关ን ካነሳሁ አይቀር፣ ተጠንቀቂባቸው፤ ቅርጻቸው ይመሳሰላል። 开 አናቱ ላይ ምንም የለውም፤ ሁለት አግድም መስመርና ሁለት እግር ብቻ ነው። 关 ግን አናቱ ላይ ሁለት አጫጭር ጭረቶች አሉት። ያለው ጠፋ የሌለው በራ ብለሽ ያዢው። ማብሪያው ላይ I እና O ካሉ ደግሞ I በርቷል፣ O ጠፍቷል ነውና ከእነሱ ጋር አመሳክሪ።

ዋናው ሚስጥር እዚህ ጋ ነው፣ ጠጋ በይ። ሰሌዳው ላይ ያሉት ስሞች የተገጣጠሙ ናቸው። የፊተኛው ሁለት ፊደል የሥራውን ደረጃ ይናገራል፤ 加热 ማሞቂያ፣ 保温 ሙቀት መጠበቂያ፣ 冷却 ማቀዝቀዣ። የኋለኛው ሁለት ፊደል የሚለካውን ይናገራል፤ 时间 ጊዜ፣ 电流 የኤሌክትሪኩ መጠን። ስለዚህ 加热时间 ስታዪ ምን ያህል ሰኮንድ እንደሚያሞቅ፣ 保温电流 ስታዪ ሙቀቱን በምን ያህል ኃይል እንደሚጠብቅ ታውቂያለሽ። አምስት ቃል ይዘሽ የማዞሪያዎቹን ረድፍ በሙሉ አነበብሽ ማለት ነው። የአንዱ ፎቶ ደብዝዞ ቢሆን እንኳ ከጎኑ ካለው ጋር ስታስተያዪው ይገለጥልሻል።

ይህን የምለው ለዕውቀት ያህል እንዳይመስልሽ። ማሞቂያው ከፍ፣ መጠበቂያው ዝቅ ማለት አለበት። አገላብጠሽ ካዞርሻቸው ወርቁ ለመቅለጥ ይዘገያል፤ ከቀለጠ በኋላ ግን መጋሉን አያቆምም። ንጹሕ ወርቅ 1064 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ባለ 18 ካራቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ባነሰ። ከመጠን አልፎ ሲግል በቅይጡ ውስጥ ዚንክ ካለ ይተናል፣ ቅልጡም ይረጫል፣ ሚዛን ላይ ስታወጪው ይጎድላል። ያኔ ለባለቤቱ የምትሰጪው መልስ ምንድን ነው?

ከማዞሪያዎቹ በላይ ትንንሽ መብራቶች አሉ። ብዙዎቹ ከሁለት ፊደሎች በአንዱ ይጀምራሉ። 过 «አለፈ» ነው፤ 过流 ኤሌክትሪኩ በዛ፣ 过压 ቮልቴጁ በዛ፣ 过热 ጋለ። 缺 «ጎደለ» ነው፤ 缺水 ውኃ የለም፣ 缺相 አንድ ፌዝ ጎድሏል። 水压 የሚለው የውኃ ግፊት ነው፤ መጀመሪያ የሚበራብሽ እሱ እንደሚሆን ጠብቂ። የመዳቡ ጥቅል ውስጡ ክፍት ቱቦ ነው፣ ውኃ ይዞርበታል። ውኃው ከቆመ መዳቡም፣ ውስጥ ያሉት የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችም በአጭር ጊዜ ይቃጠላሉ።

እንግዲህ ኃይል ሰጠሽው እንበል፤ ጩኸት ተሰማ፣ 水压 አጠገብ ቀይ በራ። 复位 የሚል ቁልፍ አለ፣ ስህተቱን አጥፍቶ እንደገና ያስጀምራል። እሱን ደጋግመሽ እንዳትጫኚ፣ አደራ። መብራቱ አልተሳሳተም። ማሽኑን አጥፊና ቱቦውን ተከተዪ። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የታጠፈ እንደሆነ፣ መግቢያና መውጫው የተለዋወጡ እንደሆነ፣ ፓምፑ አየር የያዘ እንደሆነ እዪ። ፓምፑ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ሌላም አለ፤ ሁለት ሽቦ ተለዋውጦ ከታሰረ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ድምፁ ደህና ሆኖ ውኃው ግን ይደክማል። በመመለሻው ቱቦ ጫፍ ወፈር ያለ ውኃ ሲወርድ በዓይንሽ ሳታዪ «ተስተካከለ» አትበዪ።

አንድ ማብሪያ ቀርቶሻል፤ 自动 እና 手动 በሚሉ ቃላት መካከል የሚገላበጠው። መጨረሻ ያለው ፊደል አንድ ነው፤ የሚለያዩት በመጀመሪያው ነው። 自 በውስጡ መስመር ያለው ሣጥን ነው፣ 手 ሣጥን የለውም። ሣጥን ያለው «በራሱ» ነው፤ ካስጀመርሽው ማሞቁን፣ መጠበቁን፣ ማረፉን በሰጠሽው ጊዜ ይወጣዋል። 手动 «በእጅ» ነው፤ በብዙዎቹ ላይ 脚踏 ከሚባለው የእግር መርገጫ ጋር ይሠራል፣ ስትረግጪ ይግላል፣ ስትለቂ ይቆማል። ሁልጊዜ በ手动 ጀምሪ። ነገር ቢበላሽ እግርሽን ማንሳት ቁልፍ ከመፈለግ ይፈጥናል።

ሰሌዳሽ ማዞሪያ ሳይሆን ስክሪን ከሆነ መጀመሪያ 语言 የሚለውን ፈልጊ፤ ቋንቋ ማለት ነው፣ ወደ እንግሊዝኛ ይለውጥልሽ ይሆናል። 删除 ማጥፊያ፣ 恢复出厂 ደግሞ ፋብሪካ እንደወጣ ማድረጊያ ነው፤ ሁለቱን አትንኪ።

የራስሽን ንባብ በሰው አስጣሪ። ሻጩ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ይልካል፤ ፎቶውን ላኪለትና ቁጥር ጽፈሽበት «3 ቁጥር ምን ያደርጋል?» ብለሽ ጠይቂው፣ «ይሄ ምን ይላል?» ብቻ አትበዪ። ከፒያሳ ወደ ላይ ስትወጪ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ፎቶ ይዘሽ ብትሄጂ አያሳፍሩሽም። ፊደሉን እነሱ ያነቡልሻል፣ ሥራውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለብቻ ለብቻ ሆናችሁ ግን አትጨርሱትም። መልሱ እስኪመጣ አማርኛውን በወረቀት ፕላስተር ላይ በእርሳስ ጽፈሽ ለጥፊ። ስልኩም ሰውም ከተስማሙ በኋላ በማይለቅ ቀለም አድርጊው። ከቻይንኛው ጎን እንጂ በላዩ ላይ አትለጥፊ፤ ነገ ጠጋኝ ሲመጣ ወይም ለሻጩ ፎቶ ስትልኪ ፊደሉ ያስፈልጋል።

አሁን ቀለበትሽንና ሰዓትሽን አውልቂ። አውልቂ አልኩሽ፣ እጮኛሽ አያይም! ጥቅሉ አጠገብ የደረሰ ቀለበት ጣትሽ ላይ እንዳለ ይግላል። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ጓዳው ውስጥ ካለ ይውጣ። ውኃውን ክፈቺ፣ ማዞሪያዎቹን ሁሉ ወደ ዝቅተኛው መልሺ፣ ወርቅ የሌለበትን የግራፋይት ማቅለጫ ጥቅሉ ውስጥ አስቀምጪ። 电源 የሚለውን፣ ዋናውን ኃይል አብሪ። ቀይ መብራት ከሌለ መርገጫውን ለአፍታ ረግጠሽ ልቀቂ። ማቅለጫው መቅላት ሲጀምር ታይዋለሽ፤ ከዚያ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። ሲበቃሽ 停止፣ ቀጥሎ ዋናው ኃይል። ውኃውን ግን ጥቅሉና የመመለሻው ቱቦ እስኪቀዘቅዙ ድረስ እንዳትዘጊው።