አንድ ፎቶግራፍ ለአራት ቀለም፦ የነጠላ ካታሎግ አሠራር

ውርጌሳ ውስጥ አንድ ሸማኔ ያንኑ ጥለት በአራት ቀለም ልሥራ ቢል ይችላል። ለካታሎግ ሲል ግን አራቱንም ቀድሞ ልሸምን ካለ ክሩም ቀኑም ያልቅበታል። በዚያ ላይ አራት ጊዜ የተነሣ ነጠላ እጥፋቱም ጥላውም አንድ አይሆንም፤ ገዢው ቀለም ማወዳደሩን ትቶ እጥፋት ሲያወዳድር ይውላል። ስለሆነም አንዱን ፎቶግራፍ መነሻ አድርገን፣ አቀማመጡን ሳንነካ የጥለቱን ቀለም ብቻ እንዴት እንደምንለውጥ እንመልከት።

በመጀመሪያ ሙከራችን የመረጥነው ደማቅ ቀይ ጥለት ነበር። አልሆነም። ደማቅ ቀይ ካሜራውን ቶሎ ያጠግበዋል፤ የክሩ ውጣ ውረድ ጠፍቶ ጥለቱ እንደ ፕላስቲክ ልሙጥ ሆነ። የጠፋ ክር ደግሞ ኋላ በኮምፒውተር አይመለስም። በሁለተኛው ጊዜ መካከለኛ ሰማያዊ ጥለት ያለውን ነጠላ በጥላ በኩል ካለ መስኮት አጠገብ ዘረጋን፤ ካሜራውን በሦስት እግር ላይ አቆምን፤ አጠገቡም ነጭ ወረቀት አስቀመጥን። ነጠላውን አንስተን በዚያው ብርሃን የአረንጓዴ፣ የቢጫና የጥቁር ክር ልቃቂቶችን አነሣን። ቀለም የሚወሰደው ከነዚህ ክሮች እንጂ ከሐሳባችን አይደለም።

ሥራው የተሠራው ጂምፕ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ጥለቱን በ `Select by Color` እንመርጣለን፤ `Shift` ተጭነን የቀሩትን ክሮች እንጨምራለን። ከዚያ አዲስ ንብርብር ከፍተን `Add Layer Mask` ውስጥ `Selection` የሚለውን እንይዛለን። ይህ ጭምብል ማለት ነው፤ ነጭ በሆነበት ቀለም ያሳልፋል፣ ጥቁር በሆነበት ይከለክላል። ምርጫውን በ `Select > None` እናነሣለን፤ ጭምብሉን ሳይሆን ንብርብሩን ራሱን ከልቃቂቱ ፎቶ በወሰድነው አረንጓዴ እንሞላና ሞዱን `LCh Color` እናደርገዋለን። ይህ ሞድ የቀለሙን ዓይነትና ድምቀት ከላይ፣ ብርሃንና ጥላውን ከታች ይወስዳል። የእያንዳንዱ ክር ጥላ እንዳለ ሆኖ ጥለቱ ብቻ አረንጓዴ የሚሆነውም በዚህ ነው።

አረንጓዴው በዚህ አለቀ፤ ቢጫው ግን እምቢ አለ። ቢጫ በባሕርዩ ብሩህ ነው፤ በሰማያዊው ጥላ ላይ ሲቀባ የሰናፍጭ መልክ ይይዛል። ስለዚህ ከሥር ያለውን ፎቶ ገልብጠን፣ ያንኑ ጭምብል ሰጥተን፣ በ `Curves` ብርሃኑን ከልቃቂቱ ብርሃን ጋር እስኪመሳሰል ከፍ አደረግነው። ለጥቁሩ በተቃራኒው ዝቅ አደረግነው፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው አላጠቆርነውም፤ ክሩ እንዲለይ ጥቂት ብርሃን መቅረት አለበት።

አንድ ሌላ ችግር አለ። ነጠላ ስስ ነው፤ ከሥር የታጠፈው ጥለት በላይኛው ጨርቅ ውስጥ ይታያል፣ አጠገቡ ያለውም ነጭ ትንሽ ቀለም ይቀበላል። ይህ ከተረሳ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ሰማያዊ ጥላ ይዞ ይገኛል፤ ያየው ሁሉ ምክንያቱን ባይናገርም “ይኼ ነገር ተነክቷል” ይላል። መፍትሔው ጭምብሉን በእነዚያ ቦታዎች ላይ በስሱ ግራጫ ብሩሽ ማስፋት ነው።

አቀማመጡ አለመነካቱን ለማረጋገጥ መነሻውን ፎቶ ከሁሉ በላይ አድርገን ሞዱን `Difference` እናደርጋለን። ልዩነት የሌለበት ቦታ ጥቁር ይሆናል። ከጥለቱና ካሰፋነው ጥላ ውጭ አንድ ነገር ካበራ፣ እዚያ ጭምብሉ አፈትልኳል ማለት ነው።

በዛሬ ጊዜ ፎቶ ሰጥተናቸው “ጥለቱን አረንጓዴ አድርግ” ስንላቸው የሚሠሩ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው ፕሮግራሞችም አሉ። ፈጣኖች ናቸው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ሥዕሉን በሙሉ እንደገና ስለሚሥሉት እጥፋቱ ሊፈቀቅ፣ የጥለቱም ቁጥር ሊዛባ ይችላል። ሸማኔው ያልሸመነውን ጥለት መሸጥ ደግሞ አይገባም። በእነሱ የሚጠቀም ሰው ውጤቱን በዚያው በ `Difference` ይፈትሽ። ጥለቱ በትክክል በቦታው ካረፈ ብቻ በጭምብሉ በኩል በመነሻው ፎቶ ላይ ይጨምረው፤ ነጩ ጨርቅና ጀርባው ከመነሻው ይሁኑ። ጥለቱ ራሱ ከተዛባ ግን ይጣል።

በመጨረሻ ከየሥዕሉ ጎን እውነተኛውን ልቃቂት በቀን ብርሃን ይዘን እናመሳክር። ገዢው በሥዕል አይቶ ያዘዘው አረንጓዴ ሌላ አረንጓዴ ሆኖ ቢደርሰው፣ ነጠላው የሚመለሰው ወደ ሸማኔው ነው፤ የክሩና የድካሙ ኪሳራም የእሱ ነው። ስለዚህ ሸማኔው በእጁ ክሩ የሌለውን ቀለም ካታሎጉ ውስጥ አናስገባም።