ስህተቱ የማን ነው? የተተረጎመ ሚም ከማብራራትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አክስቴ ስልኬን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካከሉና ምስሉን አዩት። መነጽር ያደረገ ወጣት እጁን ወደ አንዲት ቢጫ ቢራቢሮ ዘርግቷል፤ ከታች በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ተጽፏል። ብቻዬን ስስቅ አይተውኝ ነው የጠየቁኝ።

«ምን ይላል?»

«‘ይህ እርግብ ነው?’ ይላል።»

ትንሽ አሰቡና ስልኩን መለሱልኝ። «ቢራቢሮ ማለትህ ነው። ምነው ልጄ፣ አማርኛው ጠፋህ እንዴ?»

ቀልዱ እሱ ነበር። ምስሉን በትክክል አንብበውታል፤ ስህተቱን ግን ለወጣቱ ሳይሆን ለእኔ ሰጡት። ጽሑፍ ያለበትን ሚም ተርጉመው «የሚያስቀው እኮ…» ሊሉ ሲነሱ እንዲህ ያለ ነገር ሊገጥምዎ ስለሚችል፣ ከመጀመርዎ በፊት እነዚህን ይመልከቱ።

ምስሉ ከየት መጣ?

በኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ `Is this a pigeon?` ብለው ቢጽፉ ይህን ምስል ያገኙታል። የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1991 ከተሠራ ፋይበርድ ከተባለ የጃፓን የካርቱን ተከታታይ ፊልም ነው። ወጣቱ ሰው አይደለም፤ ከጠፈር የመጣ ፍጡር ያደረበት ሰው መሳይ ሮቦት ነው፤ የምድርን ነገር ገና እየተማረ ነው። ቢራቢሮዋን አይቶ እርግብ መስላው ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 ምስሉ ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ ተምብለር ላይ ሲወጣ፣ ብዙ ሰው የሳቀው የፊልሙ ተርጓሚ የተሳሳተ መስሎት ነበር። ተርጓሚው ግን ምንም አላጠፋም፤ ገጸ ባሕርዩ በጃፓንኛም የጠየቀው ስለ እርግብ ነው።

እንግዲህ አክስቴ የወደቁበት ጉድጓድ ውስጥ ብዙ የእንግሊዝኛ አንባቢ ቀድሟቸው ገብቷል። ቀልዱ በአንድ ሰው ስህተት ላይ የቆመ ከሆነ፣ ትርጉሙን ከመናገርዎ በፊት የሚሳሳተውን ያስተዋውቁ። እኔም ቆየት ብዬ «ይሄ ልጅ ከሌላ ዓለም ስለመጣ ቢራቢሮ አያውቅም» አልኳቸው። «ምስኪን» አሉና ፈገግ አሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር በቃ። የፊልሙን ታሪክ ዘርዝሬ ቢሆን ኖሮ ቡናው ይቀዘቅዝ ነበር።

የትኛው ጽሑፍ ምን ይሠራል?

ዛሬ የሚዘዋወሩት አብዛኞቹ ቅጂዎች ሦስት ጽሑፍ አላቸው። ወጣቱ ላይ የተጻፈው የሚሳሳተውን ሰው፣ ቢራቢሮዋ ላይ ያለው በእውነት የሆነውን ነገር፣ ከታች ያለው ጥያቄ ደግሞ ሰውየው የመሰለውን ይነግረናል። ሳቁ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ባለው ርቀት ነው። ከላይ ወደ ታች ሁሉን በአንድ ድምፅ ካነበቡላቸው ሰሚው የትኛው ስም፣ የትኛው ንግግር እንደሆነ ይጠፋዋል። በጣትዎ እያሳዩ፣ ወጣቱን አስቀድመው፣ ጥያቄውን መጨረሻ ላይ ያንብቡ።

ጥያቄው ደግሞ ቅርጹ መለዋወጥ የለበትም። በአማርኛ ለወፍ ሲሆን «ይቺ እርግብ ናት?» ማለት ይቀለናል፤ ለጆሮም ይጥማል። በሚቀጥለው ቅጂ ግን በእርግቧ ቦታ «ፍቅር» ወይም «ሥራ» ይገባል፤ ያኔ «ይቺ» እና «ናት» አብረው ስለማይሄዱ አጥንቱ ይሰበራል፣ ሁለቱ ምስሎች ዘመድ መሆናቸውም አይታወቅም። እኔ የምመርጠው «ይህ እርግብ ነውን?» የሚለውን ነው። «ነውን» የድሮ መማሪያ መጽሐፍ ይሸታል፤ አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ ሮቦት የሚናገረው እንዲያ ይመስለኛል።

እርግብ ራሷም ታስቸግራለች። በእንግሊዝኛ ጣሪያ የምታቆሽሸው የከተማ ወፍና የሰላም ምልክቷ ወፍ በተለምዶ ሁለት ስም አላቸው፤ በእኛ ሁለቱም እርግብ ናቸው። የኖኅን መርከብ ለሚያስብ ሰው ምስሉ ውስጥ ምሥጢር ያለ ሊመስለው ይችላል። የለም። ማንኛዋም ወፍ መሆኗን በግልጽ ይናገሩ።

አማርኛው ያልተጠየቀውን ተናገረ?

አንድ ቅጂ ላይ ቆየት እንበል። ወጣቱ ላይ «እኔ» ተብሏል። ቢራቢሮዋ ላይ የሱቅ ገንዘብ ተቀባይ የምትለው የእንግሊዝኛው «መልካም ቀን» አለ። ከታች፦ «ይህ ፍቅር ነውን?»

እዚህ ላይ የሚጎድለው አንድ መረጃ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ያቺን ቃል ገንዘብ ተቀባይዋ ለማንኛውም ደንበኛ እንደ ደረሰኝ ትሰጣለች። ይህን የማያውቅ አንባቢ ልጅቷ በእርግጥ ደግ ቃል የተናገረች ይመስለዋል፤ ሰውየውም ብዙ አልተሳሳተም።

ሌላው የራሳችን ሰዋስው ነው። እንግሊዝኛው ለማን እንደተባለ፣ በምን ያህል አክብሮት እንደተባለ አይገልጽም። አማርኛ ግን ያስመርጠናል። «መልካም ቀን ይሁንልህ» ካልን ልጅቷ ልጁን «አንተ» ብላዋለች፤ ትንሽ ቀረቤታ ገባ፣ ቢራቢሮዋ ወደ እርግብነት አንድ እርምጃ ተጠጋች። «ይሁንልዎ» ስንል ግን ርቀቱ ሰፋ። «እርስዎ» ተብሎ ተስተናግዶ፣ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ሲወጣ ሠርጉን የሚያቅድ ሰው! እዚህ ቦታ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይበልጣል ብዬ ብከራከር አላፍርም። እንዲህ ያለ ምርጫ ሲገጥምዎ ስህተቱን የሚያሰፋውን ይውሰዱ።

ፊደሉ ይነበባል?

ጽሑፉን ምስሉ ላይ በአማርኛ ሊጽፉት ካሰቡ፣ የድሮዎቹ ሚሞች የለመዱት ኢምፓክት የተባለው ወፍራም ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ በራሱ ሌላ ይተካል። ጥቁሩን ጠርዝ ካወፈሩት ደግሞ የፊደሎቹ ቅጥያ ይዋጥና «ሉ» እና «ሊ» ይመሳሰላሉ። ጠርዙን ያሳሱት፤ በስልክ ስፋት ሳያዩም አይላኩት።

ወይስ ቢተዉት ይሻላል?

አንዳንዱ አይተረጎምም። ለምሳሌ ሲል የተባለው የባሕር እንስሳ ፎቶ ላይ «የማጽደቂያ ማኅተም» የሚል የተጻፈበት አለ። በእንግሊዝኛ እንስሳውና ማኅተሙ በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ ሳቁ በሙሉ ያቺ ቃል ውስጥ ነው። ይህን ቢያብራሩ ሰሚዎ እንግሊዝኛ ይማራል እንጂ አይስቅም። «የቃል ጨዋታ ነው» ብለው ይለፉት።

ለሚተረጎመው ግን መግባቱን ማወቂያ አለ። ሳቅ ብቻውን አያስተማምንም፤ ዘመድ ለይሉኝታም ይስቃል። ሦስቱን ቦታዎች ባዶ አድርገው ይስጧቸውና የራሳቸውን ይሙሉ። አክስቴ ስልኩን መልሰው ተቀበሉኝ። ወጣቱን በጣታቸው ነክተው «ይሄ የእኔ ልጅ ነው» አሉ። ከዚያ ቢራቢሮዋን፦ «ይቺ ትናንት ያጠባት አንዲት ብርጭቆ።» ልጃቸው ከሳሎን እየሰማ ነው።

«ይህ ቤት ማጽዳት ነውን?»