የፋሲል መዋኛ በ13 ሰከንድ

በዚህ እትም የአኒሜሽን ጽሑፍ እንዴት እንደሚስተካከል፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ከራሳችን ስህተት የተማርነውን ላካፍላችሁ።

ጥምቀት ሲቃረብ በሚኒ ሚዲያችን ስለ ፋሲል መዋኛ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር። ወንድሜ ሰምቶት «ይሄንማ አኒሜሽን እናድርገው» አለኝ። የእኛ አኒሜሽን ኮምፒውተር የሚፈልግ አይደለም። ከካርቶንና ከባለ ቀለም ወረቀት ቅርጽ እንቆርጣለን፣ ስልኩን ከላይ አስረን ቅርጹን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀስን ፎቶ እናነሳለን። ፎቶዎቹ በፍጥነት ሲከታተሉ የሚንቀሳቀሱ ይመስላሉ። ለአንድ ሰከንድ 12 ፎቶ ያስፈልጋል። ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ፊልም 720 ፎቶ ነው ማለት ነው። ሥራው ከባድ እንደሆነ ከዚህ ገምቱ።

የመጀመሪያው ጽሑፌ እንዲህ ይል ነበር፦ «የጎንደር ከተማን የመሠረቱት አፄ ፋሲለደስ ያሠሩት መዋኛ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሲሆን ለጥምቀት በዓል ግን ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየተጠለፈ በሚመጣ ውሃ ይሞላል።» በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ጥሩ ነበር። እንዲያውም መምህራችን አመስግነውኛል። በአኒሜሽን ግን ጉድ ሆነ። እኔ ስናገር ስናገር ሥዕሉ ዝም ብሎ ቆሟል። ወንድሜ «ስሚኝማ፣ ይሄ እኮ ፎቶ ተለጥፎበት የሚሰማ ሬዲዮ ነው» አለኝ። ተናደድኩ፣ ግን እውነቱን ነው።

ለሚኒ ሚዲያ ስንጽፍ ሰሚው ምንም ስለማያይ ሁሉንም በቃል እንናገራለን። በአኒሜሽን ግን ሥዕሉም ድምፁም ይናገራል። ስለዚህ ወንድሜ አንድ ሕግ አወጣ፦ አንድ መስመር ሲነበብ በሥዕሉ ላይ አንድ ነገር ይለወጥ፣ ከለውጡ ጋር የሚሄድ አንድ ድምፅም ይሰማ። የሚለወጥ ነገር የሌለው መስመር ይውጣ።

መጀመሪያ መስመሩ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ማወቅ አለብን። ቃል ብንቆጥር አይሆንም። በአማርኛ «ግን» አንድ ቃል ነው፣ «እየተጠለፈ»ም አንድ ቃል ነው፣ ጊዜያቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ፊደል ቆጠርን። እኔ ረጋ ብዬ ሳነብ በሰከንድ ወደ 6 ፊደል እንደምል በስልክ ሰዓት ለካን። የእናንተ ሊለይ ስለሚችል ራሳችሁን ለኩ። ያ ረጅም ዓረፍተ ነገር 85 ፊደል ሆነ፣ ማለትም 14 ሰከንድ ገደማ። በ14 ሰከንድ ውስጥ አንድ ሥዕል ብቻ!

ከዚያ ቆራረጥነው። «የጎንደር ከተማን የመሠረቱት» የሚለው ወጣ። ኅብረተሰብ ሳይንስ የሚወድ ጓደኛዬ «ታሪኩን ገደላችሁት» ብሎ ተከራከረን። ነገር ግን ከተማ መመሥረትን ለማሳየት ሌላ ሥዕል ሊሠራ ነው፣ የእኛ ጉዳይ ደግሞ ውሃው ነው። እኔም ብሆን ማውጣቱ ከብዶኝ ነበር። ተስተካክሎ የወጣው ይህ ነው፦

ከ0 እስከ 2 ሰከንድ፦ «ይህ የፋሲል መዋኛ ነው።» ከባዶ ወረቀት ላይ ግንቡ ብቅ ይላል። የወፍ ድምፅ።
ከ2 እስከ 4፦ «አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው።» ሥራቸው በአጥሩ ድንጋይ ላይ ከተጠመጠመው ዛፎች አንድ ቅጠል ወለሉ ላይ ይወድቃል። የደረቅ ቅጠል ኮሽታ።
ከ4 እስከ 7፦ «ጥምቀት ሲደርስ የቀሃ ወንዝ ይጠለፋል።» ሰማያዊው ወረቀት ወደ ቦዩ ይታጠፋል። የሚፈስ ውሃ።
ከ7 እስከ 9፦ ንባብ የለም። ውሃው በቦዩ ይሄዳል። ድምፁ እየጨመረ ይመጣል።
ከ9 እስከ 13፦ «መዋኛው ይሞላል።» ውሃው ከፍ ይላል። የሚሞላ ዕቃ ድምፅ።

ሁሉም 13 ሰከንድ ነው፣ 156 ፎቶ። ከበፊቱ ብዙም አላጠረም። ነገር ግን የሚነበበው 51 ፊደል ብቻ ስለሆነ ከ4 ሰከንድ በላይ ሥዕሉና ድምፁ ብቻቸውን ይናገራሉ። በተለይ ከ7 እስከ 9 ላይ «ውሃው በቦይ ይሄዳል» የሚል መስመር ነበረኝ። ልጁ እያየው ለምን እነግረዋለሁ? ሰረዝኩት።

አሁን ዋናው ችግር መጣ። ሥዕሉን መስመሩ ሲጀምር ለወጥነው። እኔ ገና «ጥምቀት ሲደርስ» እያልኩ ወንዙ ታጥፎ አለቀ። ለምን መሰላችሁ? በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ድርጊቱ ያለው «ይጠለፋል» ላይ ስለሆነ ሥዕሉም እዚያ መታጠፍ አለበት። ስለዚህ በጽሑፉ ላይ ለውጡ የሚወድቅበትን ቃል በቀይ እስክሪብቶ አሰመርንበት። የ«ይሞላል» ግን ለየት ይላል። መሙላት ጊዜ ስለሚወስድ ውሃው ቀድሞ መነሳት ይጀምራል፣ ቃሉ ሲነገር መሃል ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በዝምታ ይሞላል።

ሌላው ስህተታችን የቅጠሉን ኮሽታ ነው። ቅጠሉ ወለሉን ሳይነካ በ3 ፎቶ፣ ማለትም በሩብ ሰከንድ ቀድሞ ተሰማ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ፊልሙን አስቀያሚ አደረገው። ማዶ ተራራ ላይ እንጨት የሚፈልጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጥረቢያው ሲወርድ መጀመሪያ ታያላችሁ፣ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ብርሃን ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። ስለዚህ ዓይናችን የዘገየ ድምፅ ለምዷል፣ የቀደመ ድምፅ ግን በተፈጥሮ ገጥሞን አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ከሥዕሉ ጋር እኩል ወይም በአንድ ፎቶ ዘግይቶ እናስገባለን።

የመሙላቱን ድምፅ ያገኘነው ከጓሮ ቧንቧችን ነው። ጀሪካን ስትሞሉ ድምፁ መጀመሪያ ወፍራም ሆኖ እየቀጠነ ይሄዳል አይደል? ውስጡ ያለው አየር እያጠረ ስለሚሄድ ነው። እናቴ ሌላ ሥራ እየሠራች በጆሮዋ ብቻ «ሞላ፣ ዝጊው» የምትለኝ በዚህ ነው። እውነተኛው መዋኛ እንደዚህ ድምፅ አያሰማም፣ ስለዚህ ትንሽ ማታለል ነው። ሆኖም ሰሚው መሙላቱን በጆሮው እንዲያውቅ ስለሚያደርግ ተውነው።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ። ይሄን ሁሉ ያወቅነው የውሃውን 48 ፎቶ ካነሳን በኋላ ነው። ንባቡን ገና አልቀዳንም ነበር። ስንቀዳው መስመሩ ከሥዕሉ ጋር አልገጠመም፣ 48ቱንም እንደገና አነሳናቸው። የቅዳሜ ከሰዓታችን በዚሁ አለቀ። ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፍ፣ ከዚያ ንባቡን መቅዳት፣ ፎቶ መጨረሻ ላይ።

ለመፈተሽ ሁለት ጊዜ አሳየን። አንዴ ድምፁን ዘግተን ለታናሽ እህቴ አሳየናት፤ «ውሃ ገባ» አለች። ሌላ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ዓይን ጨፍኖ ሁሉም ከተሰማ ንባቡ በዝቷል ማለት ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ ቀጭኔዋን እያያችሁ ድምፁን ዝጉትና ይህን ሞክሩት።

ክፍላችን ውስጥ ስናሳይ 11ኛው ሰከንድ ላይ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ኧረ ጀሪካኑ ሞላ፣ ዝጉት!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ ስነግረው ግን ደስ አለው።