ከቆሻሻ ክምር በታች ያለው ውኃ

ጥያቄ፦ ቆሻሻን ሜዳ ላይ ከመድፋት ይልቅ ንጣፍ፣ የየዕለት የአፈር ልባስና የፍሳሽ መሰብሰቢያ ያለው ማስወገጃ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ በክምሩ ውስጥ የሚሰርገው ዝናብ የበሰበሰውን እያጠበ ሊቼት የሚባል በካይ ፍሳሽ ይሆናል፤ በክፍት መድፊያ ይህ ፍሳሽ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል፣ ክምሩንም እያራሰ ያዳክማል። በደንበኛ ማስወገጃ ግን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የተጠቀጠቀ የሸክላ አፈርና በላዩ የተዘረጋ ወፍራም ፕላስቲክ ፍሳሹን ያግዱታል፤ ይሁንና የታገደው ፍሳሽ በጠጠር ውስጥ በተቀበሩ ባለቀዳዳ ቱቦዎች ወደ ማጣሪያ ካልተወሰደ፣ ከፍታውና ግፊቱ እየጨመረ በትንሽ ስንጥቅ እንኳ ያመልጣል። በየዕለቱ የሚለብሰው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ደግሞ ዝንብን፣ አይጥንና እሳትን ይገታል፣ የሚሰርገውንም ዝናብ ይቀንሳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን የገደለው የአዲስ አበባው ቆሼ፣ ለአሥርተ ዓመታት ቆሻሻ በግልጽ ሲደፋበት የኖረ ክምር ነበር።